የሚጠፋው ውሃ በየትኛው ዕይታ ይመዘናል?

ኢሉባቦር ዝናብ የሚያጣ አገር አይደለም። በመቱና በጎሬ ዙሪያ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ሶርን የመሰለ ወንዝም ክረምት ከበጋ ይፈሳል። ሆኖም በዝናባማ ከተማ ውስጥ ቧንቧ ሲደርቅና ጀሪካን ሲደረደር ማየት ብርቅ አይደለም። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ቧንቧ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፓምፕ፣ መብራት፣ ማጠራቀሚያ ጋን፣ ቆጣሪና ባለሙያ ያስፈልገዋል። እነዚህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የከተማ ውሃ አገልግሎት ደግሞ ሥራው በደንብ መሄዱን በሆነ መለኪያ ማወቅ አለበት።

እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፦ ተገልጋይ፣ ፋይናንስ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማማርና ዕድገት። ይህ ነው እንግዲህ ሰዉ በአጭሩ ቢኤስሲ የሚለው። እናትና አባታችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ቃሉን ከቡና ጋር ሰምታችሁት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም በምሬት ነው የሚነሳው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አንድ መለኪያ ከአራቱ ዕይታዎች በየትኛው መመደብ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ለዚህ የመረጥኩት መለኪያ «የውሃ ብክነት በመቶኛ» ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስልና ሲነኩት አራቱንም ክፍል የሚያተራምስ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሃርቫርድ የንግድ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ነገራቸው ግልጽ ነበር፦ ድርጅቶች ራሳቸውን የሚለኩት በገንዘብ ብቻ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ የሚነግረን ያለፈውን ነው። ዘንድሮ ማሽን ሳያስጠግን፣ ሠራተኛ ሳያሠለጥን የቀረ ፋብሪካ ወጪ ስለቀነሰ የዘንድሮ ትርፉ ያማረ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ጎን ሌሎች ሦስት ዕይታዎች አቆሙ። ወደ እኛ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢኤስሲ የገባው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥን ማለትም ቢፒአርን ተከትሎ ነው።

አራቱን ዕይታዎች በትርጉም ከመሸምደድ ይልቅ እንደ አራት ጠያቂዎች ብታስቧቸው ይቀላል። የተገልጋይ ዕይታ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ውጭ ቆሞ ይጠይቃል፦ «እኔ ምን አገኘሁ?» የፋይናንስ ዕይታ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ ይጠይቃል፦ «በስንት ብር? የገባውስ ስንት ነው?» የውስጥ አሠራር ዕይታ ቱታ ለብሶ ፓምፕ ቤት ገብቷል፦ «ሥራው ራሱ እንዴት እየተሠራ ነው?» የመማማርና ዕድገት ዕይታ ደግሞ ነገን ያያል፦ «ይህን ሥራ ከዚህ በተሻለ ለመሥራት የሚያስችል ችሎታ፣ መረጃና መሣሪያ አለን ወይ?» ለትርፍ በቆመ ኩባንያ ፋይናንስ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራው ወደ እሱ ለመድረስ ነው። በሕዝብ አገልግሎት ግን ገንዘቡ መንገድ እንጂ መድረሻ ስላልሆነ ከላይ የሚቀመጠው ተገልጋዩ ነው። የአሜሪካዋ ሻርለት ከተማ አስተዳደር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥርዓቱን ሲቀበል ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ውሃችን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የየትኛውም ከተማ ሪፖርት አይደሉም። ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ የኢሉባቦር ከተሞችን የምትመስል አንዲት ከተማ በወር 60,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ አምርታ ወደ መስመር ትልካለች እንበል። በወሩ መጨረሻ ለደንበኞች ቢል የተቆረጠበት ግን 39,000 ብቻ ነው። ልዩነቱ 21,000 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 35 በመቶ ነው። ይህን 35 በመቶ የት እናስቀምጠው?

ሒሳብ ሹሙ «የእኔ ነው፣ ያልተሰበሰበ ገቢ ነው» ይላል። ቴክኒሻኑ «የለም፣ የፈነዳ ቧንቧ ነውና የውስጥ አሠራር ነው» ይላል። ውሃ ያልደረሳቸው እናት ቢጠየቁ የእሳቸው ጉዳይ መሆኑን ይናገራሉ። ሦስቱም እውነት አላቸው። ሰዎች በእንዲህ ያለ ነገር ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ተከራካሪዎቹ ጋ ሳይሆን መለኪያው ጋ ነው፤ አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ታሽገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከመመደባችን በፊት እንፍታው።

የሚጠፋ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእርግጥ የጠፋው ነው፤ ከተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ከላላ መጋጠሚያ፣ ሞልቶ ከሚፈስ ጋን ወጥቶ መሬት የጠጣው። ሁለተኛው ሰው እጅ የደረሰ ግን ያልተቆጠረ ነው፤ ቆጣሪ አርጅቶ ሳያነብ የቀረ፣ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ፣ አንባቢ ተሳስቶ የመዘገበው። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር፦ ግቢ ውስጥ ያለ ሮቶ ሊሞላ ሲል ተንሳፋፊ ቫልቩ ውሃውን ቀስ ብሎ እየጠበበ ያስገባል። ፍሰቱ በጣም ሲቀጥን ያረጀ ቆጣሪ ጭራሽ ላይዞር ይችላል። ማንም አልሰረቀም፣ ውሃው ግን በነጻ ገባ።

ሁለቱን ለመለየት መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ጥሩ ዘዴ አለ፤ ሌሊት መለካት። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ተኝቷል፤ ልብስ የሚያጥብ የለም። በዚያ ሰዓት ከጋኑ በሚወጣው ዋና መስመር ላይ ያለ ቆጣሪ በሰዓት 18 ሜትር ኪዩብ ቢያሳይ፣ ውሃው የሚሄደው ወዴት ነው? ከዚያ ላይ ሌሊትም የሚሠሩትን፣ እንደ ሆስፒታል ያሉትን፣ 3 ሜትር ኪዩብ ብንቀንስ 15 ይቀራል። መስመሩ ውሃ የሚኖርበት በቀን 20 ሰዓት ከሆነ፣ 15 በ20 በ30 ቀን ሲባዛ 9,000 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። በቃ፣ ከ21,000ው ውስጥ 9,000 ገደማው መሬት የሚጠጣው፣ የቀረው 12,000 ደግሞ ሰው ጋ ደርሶ ያልተቆጠረው ነው።

ዘዴው በእኛ ከተሞች ወጥመድ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሰው ሌሊት ተነስቶ በርሜል ይሞላል፤ ሮቶም የሚሞላው ያኔ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ፍሰት ሁሉ ፍሳሽ መስሎ ይታያል። እውነተኛውን ለማወቅ ሠፈሩ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ውሃ ካገኘ፣ ዕቃው ሁሉ ከሞላ በኋላ ነው መለካት ያለበት። በየሰዓቱ ተመዝግቦ ፍሰቱ ከመሸ በኋላ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ቀጥ ካለ ያ ወለል ፍሳሽ ነው። እስኪነጋ ድረስ መውረዱን ካላቆመ ግን ገና ዕቃ እየተሞላ ነው። ሌላም አለ፤ ሌሊት ተጠቃሚ ስለማይኖር የመስመሩ ግፊት ከቀን ይበልጣል፣ ግፊት ሲጨምር ፍሳሹም ይጨምራል። የሌሊቱን ቁጥር በ20 ሰዓት ስናባዛ ትንሽ አጋነንን ማለት ነው። ለመነሻ ግን ይበቃል።

አሁን ጥያቄው ደስ የሚል ይሆናል። ሁለት ሥራ አስኪያጆች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ከዚህችው ከተማ ቁጥር ይነሳሉ። የመጀመሪያዋ ቡድኗን ይዛ ቧንቧ ታስጠግናለች፤ በወር 6,000 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ታስቆማለች፤ የዳነው ውሃ ይጠማ ወደነበረ ሠፈር ሄዶ በቆጣሪ ይሸጣል። ሁለተኛው ቧንቧ አይነካም። ያረጁ ቆጣሪዎችን ይቀይራል፤ ሳይቆጠር ያልፍ የነበረ 6,000 ሜትር ኪዩብ ቢል ውስጥ ይገባል። የሁለቱም ብክነት ከ35 በመቶ ወደ 25 ይወርዳል። ታሪፉ በሜትር ኪዩብ 15 ብር ቢሆን የሁለቱም ገቢ በወር በ90,000 ብር ያድጋል። (ለማቅለል ብዬ የዳነው ውሃ ሁሉ በደህና ቆጣሪ አልፏል ብያለሁ።)

በፋይናንስ ዕይታ ሁለቱ አንድ ናቸው። ተገልጋዩ ጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። በመጀመሪያዋ ከተማ ሕዝቡ 6,000 ሜትር ኪዩብ ተጨማሪ ውሃ አግኝቷል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩት በወር 300,000 ጀሪካን። በሁለተኛው ከተማ ማንም አንድ ብርጭቆ ተጨማሪ አላገኘም፤ የጨመረው ቢሉ ነው። ሁለተኛው ሰውዬ ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም፤ የተጠቀመ ሁሉ መክፈሉ ፍትሕ ነው፣ ገንዘቡም ነገ ቧንቧ ይገዛል። ነገር ግን «ብክነት በመቶኛ»ን ተገልጋይ ክፍል ውስጥ ከትተን ብናየው ሁለቱም ተገልጋዩን እኩል አገለገሉ ይለናል። ያ ውሸት ነው።

ስለዚህ ምደባው እንዲህ ይሆናል። በሌሊት ፍሰት የሚለካው ፍሳሽ የውስጥ አሠራር ነው፤ የሚቀንሰው ቴክኒሻኑ በሚሠራው ሥራ ነውና፣ በሜትር ኪዩብም ይመዘገባል። ከተመረተው እያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የተሰበሰበው ብር ፋይናንስ ነው። በየሠፈሩ በቀን ውሃ የሚገኝበት ሰዓት የተገልጋይ ነው። ያረጀን ቆጣሪ በቦታው ፈትሸው ስንት በመቶ እንደሚስት መናገር የሚችሉ ባለሙያዎች አሉን ወይ፣ የቧንቧ መስመሩ ካርታስ በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ተመዝግቧል ወይስ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው የሚለው ደግሞ መማማርና ዕድገት ነው። ይህ የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቫልቩ የተቀበረበትን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ሲወጣ ፍሳሽ ለማግኘት መንገድ መቆፈር ይጀመራል።

አራቱን ከታች ወደ ላይ ስታነቡት አንድ ግምት ይወጣል፦ ካርታና ችሎታ ካለ ፍሳሽ ቶሎ ይገኛል፤ ፍሳሽ ቶሎ ከተገኘ ገቢ ይጨምራል፣ ውሃም ብዙ ሰዓት ይቆያል። አንድ መለኪያ ቦታው ትክክል መሆኑን የምፈትነው በዚህ ነው። ከሥሩ ያለው ምክንያቱ፣ ከላዩ ያለው ውጤቱ ካልሆነ ወይ ቦታው ተሳስቷል፣ ወይ ጭራሽ የማያስፈልግ መለኪያ ነው። እርግጥ ሰንሰለቱ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ፍሳሽ ቀንሶ የውሃ ሰዓት ካልጨመረ፣ ምናልባት ማነቆው ቧንቧው ሳይሆን መብራት እየጠፋ የሚቆመው ፓምፕ ነበር ማለት ነው።

ፓምፕን ካነሳን፣ ድንበር ላይ ያሉ መለኪያዎችን ለመለየት የመለኪያው አሃድ ራሱ ሊጠቁመን ይችላል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንድፈ ሐሳብ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል፤ ፓምፑና ሞተሩ አንድ ላይ 60 በመቶ ብቃት ካላቸው 0.45 ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ከወር ወር አድጎ 0.6 ከደረሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ የፓምፑ ክንፍ ተበልቷል፣ ወይም ቫልቭ በግማሽ ተዘግቶ ተረስቷል። ይህ የውስጥ አሠራር መለኪያ ነው። «ለአንድ ሜትር ኪዩብ የወጣ የመብራት ብር» ግን ፋይናንስ ነው። የመብራት ታሪፍ ሲጨምር ብሩ ይጨምራል፤ ፓምፑ ግን ምንም አልሆነም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚመዝን አለቃ የፓምፕ ኦፕሬተሩን ባላጠፋው ይቀጣዋል።

የጥገና ጊዜም እንዲሁ ይምታታል። «ደንበኛ ስልክ ከደወለበት ውሃ እስከተመለሰበት» የተገልጋይ ነው፤ የሚጠብቀው እሱ ነውና ሰዓቱ የሚጀምረው እሱ ሲደውል ነው። «የሥራ ትዕዛዝ ከወጣበት ቡድኑ እስከተንቀሳቀሰበት» ደግሞ የውስጥ አሠራር ነው። ሁለተኛው ብቻ ከተለካ ጥሪው መዝገብ ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ ትዕዛዙ በአራተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል፤ ሪፖርቱም «በ2 ሰዓት ተጠግኗል» ይላል። ሰዎች ቁጥር የሚያሳምሩት ብዙ ጊዜ ዋሽተው ሳይሆን ሰዓቱ የሚጀምርበትን ቦታ መርጠው ነው።

ሁለት መለኪያዎች ደግሞ ትክክለኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠውም ምንም የማይነግሩን ናቸው። አንዱ «ሥልጠና የወሰዱ ሠራተኞች ብዛት» ነው። መማማር ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ልክ ነው፤ ግን የሚቆጥረው አዳራሽ የተቀመጠውን እንጂ የተማረውን አይደለም። ሌላው «የበጀት አጠቃቀም 100 በመቶ» ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ሰኔ ሲደርስ ግዥ የሚጣደፈው ለምን እንደሆነ ይህ መለኪያ ያስረዳል። ገንዘብ ተጠቀምን ማለት ገንዘቡ ሥራ ሠራ ማለት አይደለም። እኔ ብጠየቅ ቦታውን ለ«አንድ ፍሳሽ ለመጠገን የወጣ ብር» እሰጠው ነበር።

አሁን ከላይ የተገልጋይ ብዬ የመደብኩትን፣ ውሃ የሚገኝበትን ሰዓት፣ ትንሽ ላጥብቀው። ሰዓት የሚገኘው በየሠፈሩ ነው፤ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ግን አማካዩ ነው። ከተሞቻችን ደግሞ ኮረብታማ ናቸው። በየ10 ሜትር ከፍታ የውሃ ግፊት በ1 ባር ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከታችኛው ሠፈር 40 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ቤት 4 ባር ይጎድልበታል። የታችኛው ሠፈር በቀን 20፣ የመሃሉ 16፣ የላይኛው 6 ሰዓት ውሃ ያገኛሉ እንበል። አማካዩ 14 ነው። መሥሪያ ቤቱ «ወደ 16 ሰዓት እናሳድጋለን» ብሎ ቢያቅድ፣ በጣም ቀላሉ መንገድ ታችኛውን 24፣ መሃሉን 18 ማድረግ ነው። 24፣ 18 እና 6 ሲደመሩ 48፣ ለሦስት ሲካፈሉ 16። ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ፤ የላይኛው ሠፈር ሰው ግን ዛሬም ጀሪካኑን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲያውም ታች ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙ የሚፈሰውም እዚያው ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት ማለት ተጨማሪ ፍሳሽ ነው።

መለኪያውን «ውሃ በአነስተኛ ሰዓት የሚያገኘው ሠፈር በቀን ስንት ሰዓት አገኘ?» ብለን ብንቀይረው ግን ሥራው ራሱ ይቀየራል። 6ቱን ሰዓት 10 ለማድረግ ታች ያለውን ግፊት ሌሊት በቫልቭ መቀነስ፣ ለላይኛው ሠፈር ለብቻው መስመር መለየት ወይም መግፊያ ፓምፕ መትከል ግድ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የውስጥ አሠራር ክፍል ውስጥ የሚጻፉ ሥራዎች ናቸው፤ ቫልቩን በየትኛው ሰዓት ስንት ዙር መዝጋት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ማግኘት ደግሞ የመማማር ነው።